በስልክ ከተነሣ የእጅ ጽሑፍ ወደ መደበኛ ቃለ ጉባኤ
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ አጋዥ ጽሑፍ

በጥሊሊ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚገኙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎችና የልማት ቡድኖች ስብሰባ ሲያደርጉ ጸሐፊው ውይይቱን በእጁ በደብተር ይጽፋል። ስብሰባው ሲያበቃ አንዱ ደብተሩን በስልኩ ፎቶ ያነሣና ኮምፒውተር ለሚችል ሰው ይልካል፤ ያም ሰው ተይቦ ያትመዋል። ብዙ ጊዜ ይህ ሥራ የሚደርሰው ለእርስዎ ወይም ለልጅዎ ነው። ታትሞ የወጣው ወረቀት ለባንክ፣ ለኦዲተር ወይም ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ጠብ ከተነሣም የሚገለጠው እሱ ነው። ስለዚህ ከፎቶ ወደ ቃለ ጉባኤ በሚደረገው ጉዞ አንድ ቁጥር ቢዛባ ወይም «ተባለ» የነበረው «ተወሰነ» ሆኖ ቢታተም፣ የማኅበሩ አባላት ያላደረጉትን ውሳኔ እንዳደረጉ ይቆጠራል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዋናው ሰነድ በእጅ የተጻፈውና አባላት የፈረሙበት ደብተር ነው። የታተመው ከዚያ የተወለደ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ የሚታመነው ደብተሩ ስለሆነ፣ «አሁን ታትሟል» ተብሎ ደብተሩ አይጣልም፤ ቅጠልም አይገነጠልበትም።

ፎቶው

ቃለ ጉባኤ ለመተየብ ፎቶ ማንሣት የሰው ፎቶ ከማንሣት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደብተሩን ጠረጴዛ ወይም ጠፍጣፋ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ስልኩን ከጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ከላይ ይያዙት። ከጎን ከተነሣ የሩቁ መስመር እየጠበበ ስለሚሄድ ፊደላቱ ይጣበቃሉ። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ከቤት ውጭ በደመና ብርሃን ወይም በጥላ ሥር የተነሣ ገጽ በፍላሽ ከተነሣ ገጽ ይበልጥ ይነበባል፤ ፍላሽ የእስክሪብቶውን ቀለም ያበራዋልና። ፀሐይ ካለ የእጅዎ ወይም የስልኩ ጥላ ጽሑፉ ላይ እንዳይወድቅ ዞር ይበሉ።

እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ያንሡ። ሁለት ገጽ በአንድ ፎቶ ሲነሣ በመስፊያው በኩል ያለው ቃል ብዙ ጊዜ ይሰወራል፤ እዚያ የሚሰወረው ደግሞ አንዳንዴ «አል» ወይም «አይ» ሊሆን ይችላል። «አልተስማማንም» የሚለው ቃል መጀመሪያው ከተሰወረ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን «ም» ያላስተዋለ ታይፒስት «ተስማማን» ብሎ ያልፈዋል። የፊርማና የተሰብሳቢዎች ስም ያለበትን ገጽ፣ በኅዳግ ላይ የተጻፈውንና በገጹ ግርጌ በመስመር የተቆጠረውን ድምጽም ያንሡ። ብዙዎች ይህን «ቆሻሻ ነው» ብለው ይተዉታል፤ ነገር ግን ኋላ እንደምናየው የሚያድነው እሱ ነው።

ፎቶውን በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ እንደ ተራ ፎቶ አይላኩት፤ መተግበሪያው ያሳንሰዋል። File በሚለው መንገድ ቢልኩት ጥራቱን ሳይቀንስ ይደርሳል። ከመላክዎ በፊት አንድ ገጽ አጉልተው ትንሿን ቁጥር ማንበብ መቻልዎን ያረጋግጡ። ካልተነበበች እንደገና ያንሡ፤ ደብተሩ ገና በእጅዎ ነውና።

ለመማሪያ የቀረበ ማስታወሻ

ከዚህ በታች ያለው ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ የአንድ የድንች ዘር አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ በስብሰባ ላይ ይዞት ሊሆን የሚችል ማስታወሻ ነው። የእርስዎም ደብተር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«እሁድ ጥቅምት 17/2017። 4፡00። ጠ/አባል 86፣ የተገኘ 52።
1. ዘር ማከማቻ። ዘር እየበሰበሰ ነው ተባለ። ቦታው መንገድ ዳር ይሁን አይሁን ክርክር። በነፍስ ወከፍ 400፣ ድምር 34,400። ድጋፍ 34፣ ተቃ. 11፣ ድ/ተ 7። አልፏል። ኮሚቴ 3 ሰው። ቶሎ ይጀመር።
2. የመስኖ ተራ። ከላይ ወደ ታች ይሁን ተባለ። ተስማማን።
3. ገ/ያዥ ለቋል። የባንክ ፈራሚ ይቀየር። 49 ድጋፍ።»

በኅዳጉ ላይ ደግሞ በትንሽ ጽሑፍ «3 ሰዎች 6፡30 ሄዱ» ተብሎ ተጽፏል። በግርጌው በመስመር የተቆጠረ ድምጽ አለ።

አንድ ሰው ይህን ተቀብሎ ወዲያው መተየብ ቢጀምር ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። እኛ ግን መጀመሪያ ቁጥሮቹን፣ ቀጥሎ ግሦቹን እንመርምር።

ቁጥሮቹ ይታረቃሉ?

የዚህ ጸሐፊ 1 እና 7 ይመሳሰላሉ እንበል። ይህ በእጅ ጽሑፍ የተለመደ ችግር ነው። መጀመሪያ ያለ ጥርጥር የሚታወቅ ቁጥር ይፈልጉ። በዚህ ገጽ ላይ እሱ ዓመተ ምሕረቱ ነው፤ 2017 በሚለው ውስጥ 1 እና 7 ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነሱን አጉልተው ይመልከቱና የጸሐፊው 7 አናቱ እንዴት እንደሆነ፣ 1 ደግሞ እንዴት እንደቆመ ይያዙ።

ቀኑ 11 ነው ወይስ 17? ዕለቱ ይመልሰዋል። በ2017 ዓ.ም ጥቅምት 17 እሁድ ሲውል፣ ጥቅምት 11 ግን ሰኞ ነበር። ማስታወሻው «እሁድ» ስለሚል 17 ነው። ጸሐፊ ዕለቱን ከቀኑ ጋር የሚጽፍበት ልማድ ለዚህ ይጠቅማል፤ በታተመው ላይም ሁለቱንም ይጻፉ። ሰዓቱንም «ከጠዋቱ 4፡00» ብለው በቃል ይግለጹ። 4፡00 ብቻ ከተባለ በሌላ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው የከሰዓት በኋላ ሊመስለው ይችላል።

ገንዘቡ 400 ነው ወይስ 900? እዚህ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። 86 አባላት በ400 ሲባዙ 34,400 ይሆናል። በ900 ቢሆን 77,400 ይሆን ነበር። ድምሩ 34,400 ተብሎ ስለተጻፈ 400 ነው። ከዚህም አንድ ተጨማሪ ነገር እንረዳለን፤ ማኅበሩ መዋጮውን ያሰላው በስብሰባው በተገኙት 52 ሰዎች ሳይሆን በጠቅላላው 86 አባላት ነው። ያልተገኙትም ይከፍላሉ ማለት ነውና ይህ በውሳኔው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አሁን ከባዱ ይመጣል። ተቃውሞው 11፣ ድምጸ ተአቅቦው 7 ተብሎ ይነበባል። ግን ተቃውሞው 17፣ ድምጸ ተአቅቦው 1 ሊሆንም ይችላል። ድምሩን ይሞክሩት። 34 ሲደመር 11 ሲደመር 7፣ 52 ነው። 34 ሲደመር 17 ሲደመር 1፣ እሱም 52 ነው። ሁለቱም ከተገኙት ሰዎች ቁጥር ጋር ይስማማሉ። ስለዚህ «ድምሩ ልክ መጣ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በጥድፊያ የተጻፈ ስለሆነ የ2017 ቅርጽም ሙሉ በሙሉ አይረዳም። መልሱ ያለው በግርጌው በመስመር የተቆጠረው ድምጽ ላይ ነው። በተቃውሞ በኩል ሁለት አምስት አምስት የታሰሩ መስመሮችና አንድ ነጠላ መስመር ካሉ 11 ነው። ያ ባይኖር ኖሮ ጸሐፊውን ወይም ድምጽ ቆጣሪውን መጠየቅ ግድ ነበር። ገምቶ መጻፍ አይፈቀድም። ውሳኔው በየትኛውም ቢሆን አልፏል ብለው አይተዉት፤ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ያልከፈሉት ሰዎች «ተቃውመን ነበር» ሲሉ የሚቆጠረው ያ ቁጥር ነው።

በሦስተኛው አጀንዳ ደግሞ 49 ድጋፍ ብቻ ተጽፏል። ተሰብሳቢው 52 ነበር። የቀሩት 3 ተቃወሙ ወይስ ዝም አሉ? በኅዳጉ ላይ ያለው «3 ሰዎች 6፡30 ሄዱ» የሚለው ይፈታዋል። ድምጽ ሲሰጥ በአዳራሹ የነበሩት 49 ናቸው፤ ሁሉም ደግፈዋል። ያን ኅዳግ ፎቶ ያላነሣ ሰው ይህን ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ምልዓተ ጉባኤውም እዚሁ ይታያል። ብዙ መተዳደሪያ ደንቦች ከግማሽ በላይ አባል እንዲገኝ ይጠይቃሉ። የ86 ግማሽ 43 ስለሆነ ቢያንስ 44 ያስፈልጋል። መጀመሪያ 52፣ ኋላም 49 ስለነበሩ በሁለቱም ጊዜ ተሟልቷል። የእርስዎ ማኅበር ደንብ ለአንዳንድ ጉዳይ ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ሊጠይቅ ስለሚችል ደንቡን ገልጠው ይዩ። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል ያለው ድምጽ አንድ ብቻ ነው፤ አክሲዮኑ ቢበዛም ያው ነው። ስለዚህ የድምጹ ድምር ከሰው ቁጥር በልጦ ከመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለ።

ተባለ፣ ተነሣ፣ ተስማማን፣ ተወሰነ

አማርኛ ለዚህ ሥራ የራሱ ወጥመድ አለው። ጸሐፊ ሲጣደፍ ባለቤቱን ይተውና ግሡን ብቻ ይጽፋል። «ተባለ» ማለት አንድ ሰው ተናገረ ማለት ነው። «ተነሣ» ሲል ጥያቄ ቀርቧል ማለት ነው። «ይታሰብበት» ከተባለ ገና አልተወሰነም። ውሳኔ የሚሆነው «ተወሰነ»፣ «ጸደቀ»፣ «አልፏል» ወይም «ተስማማን» የሚለው ነው። በሚተይቡበት ጊዜ ሁሉንም «ተወሰነ» እያሉ አያሳምሯቸው። ቃለ ጉባኤ ማሳመር ዓረፍተ ነገርን ማቅናት፣ ምሕጻረ ቃልን መፍታትና ቅደም ተከተል ማስያዝ ነው፤ ሐሳብን ማጠናከር አይደለም።

በአዊ ብዙ ጊዜ ውይይቱ በአዊኛ ይደረግና ማስታወሻው በአማርኛ ይያዛል። ያኔ ጸሐፊው እየሰማ እየተረጎመ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ አሻሚ ቃል ሲያጋጥምዎ «ምን ብሎ ጻፈ» ብቻ ሳይሆን «በአዊኛ ምን ተብሎ ነበር» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ነገሩ ያኔ ይጠራል።

ሁለተኛው አጀንዳ ላይ እንቆይ። «ከላይ ወደ ታች ይሁን ተባለ። ተስማማን።» ይህ ስለ መስኖ ተራ ነው፤ ውኃ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። በቦዩ ራስ ላይ ማሳ ያለው ሰው ደስ ብሎት ይሰማል፤ በግርጌው ያለው ግን ውኃው ሳይደርሰው ድንቹ ሊደርቅበት ይችላል። ጸሐፊውን ስትጠይቁት «ለአንድ ዙር እንሞክረው ነው የተባባልነው» ቢላችሁስ? ደብተሩ ላይ «ለአንድ ዙር» የሚል የለም። ጸሐፊው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የሚያስታውሰውን ግን ወደ ታተመው ቃለ ጉባኤ በጸጥታ ማስገባት አይቻልም። በደብተሩ ያለውን ብቻ ጽፈው፣ የጊዜ ገደቡን በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያረጋግጡት በክትትል ሥራው ውስጥ ያስገቡት። ድምጽም ስላልተቆጠረ «በሙሉ ድምጽ» አይበሉ። «ሙሉ ድምጽ» ሁሉም ድምጽ ሰጥተው ሁሉም ሲደግፉ ነው፤ ዝም ማለት መደገፍ ተብሎ አይቆጠርም።

ሲታተም

ከላይ ያለው ማስታወሻ ተጣርቶ ሲታተም ይህን ይመስላል፤

«የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ
ቀን፦ እሁድ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት። ቦታ፦ ጥሊሊ።
ጠቅላላ አባላት 86፣ የተገኙ 52። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ከቀኑ 6፡30 ሰዓት 3 አባላት ስለሄዱ በአጀንዳ 3 ላይ የተገኙት 49 ናቸው።

አጀንዳ 1፦ የድንች ዘር ማከማቻ ስለመሥራት።
ውይይት፦ ዘር በማከማቻ እጥረት እየበሰበሰ መሆኑ ተገልጿል። ማከማቻው መንገድ ዳር ይሠራ ወይስ አይሠራ በሚለው ላይ የተለያዩ ሐሳቦች ቀርበዋል።
ውሳኔ፦ ማከማቻው እንዲሠራ፣ ለዚህም እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል 400 ብር እንዲያዋጣ (86 አባላት፣ ድምር 34,400 ብር) ተወስኗል።
ድምጽ፦ ድጋፍ 34፣ ተቃውሞ 11፣ ድምጸ ተአቅቦ 7።

አጀንዳ 2፦ የመስኖ ውኃ ተራ።
ውሳኔ፦ የውኃ ተራ ከላይ ወደ ታች እንዲሆን ስምምነት ተደርሷል። ድምጽ አልተቆጠረም።

አጀንዳ 3፦ የባንክ ፈራሚ ስለመቀየር።
ውሳኔ፦ የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ሥራውን ስለለቀቀ የባንክ ፈራሚው እንዲቀየር ተወስኗል።
ድምጽ፦ ድጋፍ 49፣ ተቃውሞ የለም፣ ድምጸ ተአቅቦ የለም።»

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በአጀንዳ 1 ማከማቻው የት እንደሚሠራ አልተጻፈም፤ በማስታወሻው ላይ ክርክር እንጂ ውሳኔ የለምና። ቦታውን የሚያውቅ ታይፒስት ሊጨምረው ይፈተናል፤ አይጨምር። በአጀንዳ 3 ደግሞ አዲሱ ፈራሚ ማን እንደሆነ የለም። ይህን ወረቀት ይዘው ባንክ ቢሄዱ ይመለሳሉ፤ ባንክ የሚፈልገው የወጣውንና የገባውን ሰው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ሥልጣኑንና ጉባኤው የወሰነበትን ቀን ነውና። ስሙን ከጉባኤ ውጭ ጽፎ ማስገባት ማኅበሩ ያላደረገውን ምርጫ መፈጸም ነው። መፍትሔው ስብሰባ ጠርቶ ስሙን አስወስኖ በአዲስ ቃለ ጉባኤ ማቅረብ ብቻ ነው። በደብተሩ ገጽ ላይ የማይነበብ ቃል ካለም «[አልተነበበም]» ብለው ይተዉትና ጸሐፊው ዋናውን አይቶ ይሙላው።

የክትትል ሥራዎች

አብዛኛው ቃለ ጉባኤ የሚዝለው እዚህ ነው። «ኮሚቴው ይከታተል»፣ «ቶሎ ይጀመር» ይባልና ማንም አይከታተልም። በታተመው መጨረሻ ላይ ለየውሳኔው ሥራው፣ ኃላፊውና ጊዜው ይለይ። ማስታወሻው ያልሰጠውን ግን አይፍጠሩ፤ ክፍተቱን ክፍተት ብለው ይጻፉት።

«1. ማከማቻ ማሠራት። ኃላፊ፦ 3 አባላት ያሉት ኮሚቴ፤ የአባላቱ ስም አልተመዘገበም። ጊዜ፦ «ቶሎ»፤ ቀን አልተወሰነም።
2. መዋጮ መሰብሰብ። ኃላፊ፦ አልተመደበም። ጊዜ፦ አልተወሰነም።
3. የመስኖ ተራው ለአንድ ዙር ነው ወይስ በቋሚነት የሚለውን ማረጋገጥ። ኃላፊ፦ አልተመደበም። ጊዜ፦ በቀጣይ ስብሰባ።
4. የአዲሱን ፈራሚ ስም ማስወሰን። ኃላፊ፦ አልተመደበም። ጊዜ፦ በቀጣይ ስብሰባ።»

ይህን ያየ ሊቀ መንበር ሊያፍር ይችላል፤ «ይህን ሁሉ አልተወሰነም አትጻፍ» ሊልዎም ይችላል። ነገር ግን አሁን የሚታየው ክፍተት በአንድ ስብሰባ ይደፈናል። የተደበቀው ግን ገንዘቡ ሳይሰበሰብ፣ የድንቹ ዘር ደግሞ እንደገና ሲበሰብስ ነው የሚታወቀው። በቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ይህ ዝርዝር ይሁን።

ከመፈረሙ በፊት

ረቂቁ ሲታተም ሁለት ሰው ይቀመጥ። አንዱ ከደብተሩ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው በታተመው ላይ በጣቱ እየተከተለ ቁጥርና አሉታ ቃል ላይ ይቁም። ያነበበው ሰው ታይፒስቱ ባይሆን ይመረጣል፤ ሰው ራሱ የተየበውን ሲያነብ ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አያይም። ከዚያ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርሙ፤ ማኅተም ካለ ይደረግበት። ገጾቹ «ገጽ 1 ከ2»፣ «ገጽ 2 ከ2» ተብለው ይቆጠሩ። የተሰብሳቢዎቹ ፊርማ ያለበት የደብተሩ ገጽ ቅጂ ከታተመው ጋር ይያያዝ።

ከተፈረመ በኋላ ስሕተት ከተገኘ በእስክሪብቶ አይሰረዝ፤ በነጭ ማጥፊያም አይቀባ። በሚቀጥለው ስብሰባ «በጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም ቃለ ጉባኤ፣ አጀንዳ 1 ላይ እንዲህ ተብሎ የተጻፈው እንዲህ ተብሎ ይታረም» ተብሎ ይወሰንና ያ ማረሚያ ከቀድሞው ጋር ይያያዝ። ፎቶዎቹንም ከስልክዎ አያጥፉ፤ ቢያንስ ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነቦ እስኪጸድቅ ድረስ ይቆዩ።